የፍርፋሪው ሳህን

ቢቸና የቤት አያያዝ መምህርት ሆኜ ስመደብ ከድሬዳዋ ይዤ የሄድኩት ሙያ ኬክ መሥራት ነበር። እናቴ ኬክ ቤት ትሠራ ስለነበር ከእሷ ነው የተማርኩት። ድሬዳዋ ማቀዝቀዣ ነበረን። ቢቸና ማቀዝቀዣ አልነበረም፤ ብርድ ግን በየጓዳው ሞልቶ ነበር።

አከራዬ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ነበሩ። ሞጣ ያሉት እህታቸው በጥር ልጃቸውን ሊድሩ ሲነሱ፣ «ኬኩን ለእኔ ተይው፤ የእኛዋ መምህርት ትሠራዋለች» ብለው ላኩባቸው። የሙሽራው ወገን ከተማ የኖረ ነው ስለተባለ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኬኩ የአከራዬ ክብር ሆነ። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን ነበር የሚታደለው። ከጎረቤት ሁሉ አንድ አንድ ኩባያ ለምነው ያጠራቀሙትን አመጡልኝ። ከዚያ ሌላ አልነበረም።

አርብ እርስ በርስ የሚደራረቡትን ሦስት የኬክ ንጣፎች ጋገርኩ። ጾም ስለሆነ አልቀመስኩም፤ መብሰሉን አሽትቼ ፈረድኩ። ቅዳሜ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለን በካርቶን ይዘን ሞጣ ገባን። ከላይና ከታች በፍም ስለምጋግር ኬኩ መሐሉ አብጦ ነበር፤ ባንድ ወገንም ከፍ ብሏል። ዙሪያውን በእኩል ቁመት ስንጥር ሰካሁ። በስንጥሮቹ ላይ ጠንካራ ክር አዙሬ ሁለቱን ጫፍ አጣልፌ ቀስ ብዬ ስስብ ጉብታው እንደ ክዳን ተነሳ። ሦስቱንም እንዲያ አስተካከልኩ። ጉብታውን ልጆች ተሻሙት።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ተነሳሁ። ብዙ ጊዜ የታጠበ ለጋ ቅቤ ከተወቀጠና በጨርቅ ከተነፋ ስኳር ጋር መትቼ ትልቁን ሳህን ሞላሁ። ከእሱ ጥቂት ወደ ትንሽ ሳህን ቀነስኩ። ኬክ የነካ ቢላ ፍርፋሪ ይዞ ስለሚገባ ወደ ትልቁ አይመለስም፤ እናቴ ስታስተምረኝ መጀመሪያ የነገረችኝ ይህንን ነው። ንጣፎቹን በክሬም ደራርቤ፣ የላይኛውን ለጥ ያለው ታቹ ወደ ላይ እንዲሆን ገለበጥኩት። ከዚያ ፍርፋሪውን የሚይዘውን የመጀመሪያ ቅብ ስስ አድርጌ ቀባሁ። ቡናማው ከሥሩ ይታይ ነበር።

የሙሽራዋ እናት አዩና ደነገጡ።

«ይሄ ነው እንዴ? ያልተለሰነ ጎጆ መስሏል'ኮ!»

«ዝም በይ አንቺ!» አሉ አከራዬ። «ጭቃ መርገሽ በእርጥቡ ላይ ትለስኛለሽ? መጀመሪያ ይጥና።»

እኔ ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልችልም ነበር። ኬኩን ፀሐይ በማያገኘው ጓዳ፣ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ አኑሬ በሩን ዘጋሁ። ጣት ሲነካው እስከማይጣበቅ ድረስ መቆየት አለበት። ቅዳሴ ሊገባ ስለሆነ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ።

ስመለስ ትንሹ ሳህን ታጥቦ ተደፍቷል።

«እዚህ የነበረውስ?»

«ወደ ትልቁ መለስኩታ!» አሉ የሙሽራዋ እናት። «በዚህ ዘመን ስኳር ይጣላል እንዴ?»

አከራዬ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። «እህቴ፣ ገደልሽኝ።»

ትልቁን ሳህን ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። ፍርፋሪ ያለበት ክሬም ባንድ ወገን ተከምሯል።

«አማስለውታል?»

«ልጀምር ስል መጣሽ።»

የተበላሸውን ከነዙሪያው በማንኪያ አንስቼ አወጣሁ። ንጹሕ ሆኖ የተረፈው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ክሬም ሲበዛ ስንጥቅና ጉድጓድ ይሸፍናል፤ ሲያንስ ምንም አይሸፍንም። ስለዚህ ያለኝ ተስፋ የኬኩ መስተካከልና መቀዝቀዙ ብቻ ነበር። ጓዳ ገብቼ በጣቴ ነካሁት። ጠንክሯል፤ ጣቴ ንጹሕ ወጣ።

ቢላውን ሙቅ ውኃ ውስጥ እየነከርኩ፣ እየጠረግሁ፣ መጀመሪያ አናቱን፣ ቀጥሎ ዙሪያውን ከፊት ጀምሬ ቀባሁ። የመጀመሪያው ቅብ ስለጠና አንድም ፍርፋሪ አልተነሳም። ክሬሙ ሲያልቅ ከኋላ በኩል አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ቀረ። እዚያ ያወጣሁትን ባለፍርፋሪ ለጠፍኩበት።

«ይሄ ወደ ግድግዳው ይዙር» አሉ አከራዬ።

ከሰዓት በኋላ የሙሽራው አጎት ኬኩን ጎንበስ ብለው አዩት። «ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣችሁት?»

«ከቢቸና ነው፤ እቤቴ የተጋገረ» አሉ አከራዬ፣ እየተቆጡ በሚመስል ድምፅ።

የሙሽራዋ እናት በግድግዳውና በኬኩ መካከል ቆመው ነበር። ኑ ብሉ ቢባሉ፣ ተቀመጡ ቢባሉ አልተንቀሳቀሱም። ሙሽሮቹ ቢላውን ሲያነሱ ግን የልጃቸውን ክንድ ያዙ።

«በዚህ በኩል ቁረጡ፤ በኋላ በኩል።»

«ለምን እማዬ?»

«ባህሉ ነው።»

እንደዚህ ያለ ባህል የለም። ባለፍርፋሪውን የመጀመሪያ ቁራሽ እሳቸው ተቀብለው፣ ቆመው፣ ጨርሰው በሉት። ከዚያ በኋላ ነው ሄደው የተቀመጡት።