ሯጩ ሞተር

መካነ ሰላም በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ቅዳሜን መፍራት ጀምሬ ነበር። በሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጁ ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር አስተምራለሁ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሰው ያናግረኛል። ቅዳሜ ተማሪዎቼ ወደየገጠራቸው ይበተናሉ፣ ባልደረቦቼ ከልጆቻቸው ጋር ይውላሉ። እኔ ናዝሬት ተወልጄ ያደግሁ፣ ለብርዱም ለሰዉም እንግዳ የሆንኩ ሴት ነኝ። ልብሴን አጥቤ ካሰጣሁ በኋላ እስከ ሰኞ ጠዋት የራሴን ድምፅ ሳልሰማ የምቆይበት ጊዜ ነበር።

ሼሁ ኮሌጁ የመጡት አንድ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለች መንደር የመጡ፣ ለልጆች ቁርዓን ሲያስቀሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ከሰላምታው በኋላ፣ ሞተር ሐሰተኛ መሆኑን መርምሮ የሚናገር ሰው እዚህ ይገኝ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ሼሁ ብቻቸውን ይኖራሉ። አንዲት ልጃቸው ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። መተዳደሪያቸው ከቤታቸው ጋር የተያያዘ የእህል ወፍጮ ነው። ሞተሩ ተቃጠለና ልጃቸው ሌላ አስገዝታ ላከች። አዲሱ ሞተር ግን እህል ሲገባበት ያቃስታል፣ ትንሽ ቆይቶም ኃይሉ ይቋረጣል። የወጣው ዱቄትም ያርራል፤ የሚያስፈጩት ሴቶች ሊጡ አልነሣ ብሏቸው ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ሄዱ። የገጠመላቸው ኤሌክትሪሺያን፣ ልጅቱን አታልለው የውሸት ሞተር ሸጠውላታል ብሎ ነገራቸው።

“ለሷ አልነገርኳትም” አሉኝ። “ስትደውል የወፍጮውን ድምፅ አሰማኝ ትላለች። አሁን አሁንማ ስልኩንም አላነሣው።”

በማግስቱ በሚኒባስ ሄድኩ። የወፍጮ ቤቱ በር ላይ ለተራ ጠባቂዎች የተሠራ ረጅም የጭቃ መደብ አለ፤ ማንም አልነበረበትም። ሼሁ ቁልፉን አሽከርክረው በሩን ከፈቱልኝ። የተቃጠለው ሞተር ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱ ሞተሮች ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ፤ የዘንጋቸው ውፍረት እንኳ እኩል ስለሆነ ቺንጋ የሚጠመጠምበት የድሮው ፑሌ አዲሱ ላይ ልክክ ብሎ ገብቷል። ማንም ያልጠረጠረው በዚህ ይመስለኛል።

ሞተሮቹ ላይ የተለጠፉትን የመረጃ ሰሌዳዎች በጨርቅ ጠረግሁ። የድሮው አሥራ አምስት ኪሎዋት፣ በደቂቃ 1460 ዙር ይላል። አዲሱ ሃያ የፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ 2930 ዙር። አንድ የፈረስ ጉልበት 0.746 ኪሎዋት ነው፤ ሃያው አሥራ አምስት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ስለዚህ ኃይላቸው አንድ ነው አልኳቸው። ሞተሩ ሐሰተኛ አልነበረም። ልጅቱ የታዘዘችውን ሃያ ፈረስ ልካለች፤ ስለ ፍጥነቱ የነገራት ሰው ግን የለም።

ዘንግ የሚጠመዝዝበትን ጉልበት ቶርክ እንለዋለን፣ የምንለካውም በኒውተን ሜትር ነው። ኪሎዋቱን በ9550 አባዝቶ በደቂቃ ዙሩ ማካፈል ነው። ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። እዚያ ግን ዱቄት የለበሰ ግድግዳ ላይ በጣቴ ጻፍኩት። የድሮው ዘጠና ስምንት ኒውተን ሜትር መጣ። አዲሱ አርባ ዘጠኝም አልሞላም።

ሼሁ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። “ኃይሉ አንድ ነው ብለሽኝ ነበር፤ ታዲያ ምነው ግማሽ ሆነ?” አሉኝ።

ያው ኃይል በእጥፍ ፍጥነት ሲሮጥ፣ በእያንዳንዱ ዙር የሚደርሰው ጉልበት በግማሽ እንደሚቀንስ አስረዳኋቸው። በድሮው ፑሌ የወፍጮው ድንጋይም በእጥፍ ይፈጥናል፤ ዱቄቱ የሚያርረው ለዚህ ነው። እህሉ ደግሞ ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ይይዘዋል፤ ሞተሩ የጎደለውን ለማሟላት ብዙ መብራት ይስባል፣ ሞተሩን ከመቃጠል የሚጠብቀው መከላከያም ቶሎ መብራቱን ይቆርጠዋል። እንደዚያ መሥራቱን ቢቀጥል ድንጋዩ ሊፈነዳ ይችል ነበርና፣ ዳግመኛ እንዳያስነሡት አደራ አልኳቸው።

ሼሁ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። “እንግዲያ ሯጭ ነው እንጂ ተሸካሚ አይደለም።”

“አዎ። ግን ፍጥነቱን ከቀነስንለት የድሮውን ያህል ይሸከማል።”

ፑሌዎቹን ለካሁ። የሞተሩ ሃያ ሳንቲሜትር፣ የወፍጮው አርባ፤ ስለዚህ የድሮው ሞተር ፍጥነት ድንጋዩ ጋ ሲደርስ በግማሽ ይቀንሳል፣ ቶርኩ በእጥፍ ያድጋል። ለአዲሱ ፍጥነቱን ወደ ሩብ የሚያወርድ ያስፈልገናል። የሞተሩ አሥራ አምስት፣ የወፍጮው ስድሳ ቢሆን ድንጋዩ ወደ ድሮ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ አርባ ዘጠኙም በአራት ተባዝቶ፣ ዘጠና ስምንቱ በሁለት ሲባዛ የሚሰጠውን ያህል ይሆናል። ሁለቱን ፑሌዎች የሚያገናኘው ቺንጋም ረዘም ያለ መሆን አለበት። ልኩን ሁሉ ሰጠኋቸውና ደሴ ሄደው ቶርኖ ቤት አዘዙ።

ፑሌዎቹ እስኪመጡ ድረስ በየቅዳሜው እየሄድኩ አያቸው ነበር። የምሠራው ነገር አልነበረም፤ ቤት ከመዋል ይሻላል ብዬ ነው። በባዶው መደብ ላይ ተቀምጠን መንገዱን እናያለን። ሼሁ ብዙ አያወሩም። አንድ ቀን ግን፣ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ቤቱን ሰው ያለበት ያስመሰለው ወፍጮው እንደነበር ነገሩኝ። ሴቶቹ ተራ ሲጠብቁ ይጫወታሉ፣ እርሳቸው በግድግዳ በኩል ይሰማሉ። “እህሉንስ ሌላ ቦታም ይፈጩታል” አሉ፤ የቀረውን አልጨረሱትም።

ፑሌዎቹ የተገጠሙ ዕለት ሞተሩን ባዶውን አስነሣሁት፣ ከዚያ ስንዴ ቀስ በቀስ ጨመርን። ድምፁ ወፍሮ ጸና። የሚስበውን መብራት ለካሁ፤ ሰሌዳው ከሚፈቅደው በታች ነው። ሼሁ ዱቄቱን በመዳፋቸው ተቀብለው ጉንጫቸው ላይ አስነኩት። አልጋለም፣ ለብ ብሏል። “አልሐምዱሊላህ” አሉ በዝግታ። ከቀትር በኋላ ሁለት ሴቶች እህል ይዘው መጡ፣ ከዚያ ሌሎች ተከተሉ።

ሼሁ የዚያን ዕለት ራሳቸው ደወሉ። ስልኩን ወደ ወፍጮው ዘርግተው ረጅም ጊዜ ያዙት። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝና ወደ ውጭ ወጣሁ። ልጅቱ ስታለቅስ ቆይታ ነበር፤ ስልኩን የማያነሡት ሞተው መስሏት ኖሯል። ስለ ሞተሩ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።

“አባቴ ብቻውን ነው?” አለችኝ።

“ዛሬ አይደሉም” አልኳት።

ወፍጮው ከቆመበት ከተነሣ በኋላ ቅዳሜ የምሄድበት ምክንያት ቀነሰ። መደቡ ሞልቷል፤ ሴቶቹ ጥግ ይለቁልኛል፣ እንግዳ ነኝና ጨዋታቸውን ያቆማሉ። እየቆየ መሄዱን ተውኩት። ልጅቱ ግን ቁጥሬን ይዛው ነበርና አልፎ አልፎ፣ የቤቱ ሰዎች ሲተኙላት ትደውላለች። መጀመሪያ አባቷን፣ ቀጥሎ ወፍጮውን ትጠይቃለች። ከዚያ በኋላ የምንባባለው ያልቅብናል። እሷ ሪያድ በኩሽናዋ፣ እኔ መካነ ሰላም በክፍሌ፣ ሁለታችንም ስልኩን ሳንዘጋ ትንሽ እንቆያለን።