የስድስት ሰዓቷ ጸሎት

ፒያሳ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት በር ላይ የጋለ ካውያ እርጥብ ሱፍ ሲነካ ሸተተኝና አክስቴ ትዝ አሉኝ። በደርግ ጊዜ እዚሁ ሰፈር በአንድ የልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ ይሠሩ ነበር። የነግሁንና የመኝታውን ጸሎት ቤታቸው ቆመው ያደርሱ ነበር። ለሦስት፣ ለስድስት፣ ለዘጠኝ ሰዓትና ለሠርኩ ጸሎት ግን የንስሐ አባታቸው፣ «ሥራ ላይ አንድ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በልብሽ በይ፤ እኩለ ሌሊቱን ለመነኮሳቱ ተዪው» ብለዋቸው ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ይዤ ስሄድ ሠራተኛው ሁሉ ስብሰባ ላይ ነበር። ጌታ በተሰቀለበት ሰዓት፣ ልክ በስድስት፣ ሁሉም ግራ እጁን አንሥቶ መፈክር አሰማ። አክስቴም እጃቸውን አነሡ፤ ከንፈራቸው ግን እንደተገጠመ ነው።

«መፈክሩን እንዳላሉ ቢያዩዎትስ?» አልኳቸው ስንወጣ።

«እጄን ሰጠኋቸው። የጸሎቷ ሰዓት ካለፈ ግን ከየት አመጣዋለሁ?»

«በየቀኑ እሷን ጸሎት ማድረስ አይደክምዎትም?»

«ይደክመኛል እንጂ! ደክሞኝም እላታለሁ።»

ዛሬም ስድስት ሰዓት ሲሆን ሥራዬን ትቼ እቆማለሁ። የምለው ግን ይጠፋኛል።