ቀይ ማኅተም የተመታባት ሴት

እህቴ ፎቶ ቤት አላት። ፎቶ ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ነጭ ሸራ፣ አንድ በርጩማ፣ ሁለት መብራት፣ ጥግ ላይ ደግሞ እኔና ወረቀት የሚያኝከው ኮፒ ማሽን ነን። እሷ ጉርድ ፎቶ ታነሣለች፣ እኔ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ደንበኛ ሲጠፋ እንጨቃጨቃለን። እንዲህ በሰላም እየኖርን ሳለ ነው እህቴ ዝነኛ የሆነችው።

ነገሩ የጀመረው በሰፈራችን የስልክ ቡድን ላይ በተለጠፈ ሕፃን ነው። ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ አፍንጫው ላይ ቱቦ አለ፣ ከሥሩ «ዛሬ ካልታከመ ነገ የለም» የሚል ጽሑፍና የባንክ ቁጥር ተቀምጧል። ሰፈሩ አልቅሶ ላከ፤ እህቴም አልቅሳ ላከች። ብዙ ሳይቆይ ያው ሕፃን በሌላ ስም፣ በሌላ በሽታና በሌላ የባንክ ቁጥር ተመልሶ መጣ። እህቴ ደሟ ፈላ። ፎቶውን በስልኳ ምስል መፈለጊያ ውስጥ ስታስገባው ሕፃኑ ከየአገሩ ብቅ ብቅ አለ። መጀመሪያ የለጠፈችው የገዛ እናቱ ነበረች፣ ያውም ከብዙ ዓመት በፊት። ልጁ ድኖ ዛሬ ጢም አብቅሏል።

ከዚያ በኋላ እህቴን የቻላት የለም። በኮምፒውተሯ «ሐሰት» የሚል ትልቅ ክብ ቀይ ማኅተም ሠራችና የውሸት ልመና ባገኘች ቁጥር ፎቶው ላይ እየመታች ትበትነው ጀመር። ሰዉ ስሟን ትቶ «ማኅተም» አላት። ትምህርትም ትሰጣለች፤ የባንኩ ቁጥር በማን ስም እንደሆነ እዩ፣ የሐኪሙ ወረቀት ላይ ያለውን ስልክ አትመኑ፣ የሆስፒታሉን ቁጥር ራሳችሁ ፈልጋችሁ ደውሉ፣ ታማሚውን በቪዲዮ አናግሩት ትላለች። ትምህርቱ እውነት ነው፤ ክፋት የለበትም። ክፋቱ ሰዉ የወደደው መመርመሩን ሳይሆን አለመስጠቱን መሆኑ ነው። እንጨት ነጋዴው ጎረቤታችን የገዛ ወንድሙን ልጅ የሕክምና ልመና ልኮ «ይመርመርልኝ» አለ። እውነት ሆኖ ሲገኝ ፊቱ ጠቆረ።

አንድ ቀን የአንዲት የሆቴል ልብስ አጣቢ ፎቶ መጣ። የልቧ በር፣ ቫልቩ፣ መቀየር አለበት ይላል ባሏ የጻፈው ጽሑፍ። ሴትዮዋ አልጋ ላይ ተኝታ ፈገግ ለማለት ትሞክራለች። እህቴ ፈለገችው። ያው ፎቶ በአንድ ሩቅ አገር ገጽ ላይ በሌላ ስም የኩላሊት ታማሚ ሆኖ ተገኘ። ያኛው ጥርት ያለ ነው፤ የእኛው ደብዘዝ ያለ።

«ዋናው ሁልጊዜ የጠራው ነው» አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ፎቶ ስታባዛ የኖረች ሴት ናት፤ ኮፒ ሲደጋገም እንደሚደበዝዝ ታውቃለች። እኔ ቀኑን አይተሻል ወይ፣ ሆስፒታሉስ ጋ ደውለሻል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። እኔን ፎቶ ልታስተምረኝ ነው ወይ አለችና ማኅተሙን የሴትዮዋ ግንባር ላይ አሳረፈችው።

ልመናውን ለአንድ ሰው ያላጋራ ሁሉ ማኅተም ያለበትን አጋራ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እየተባባለ ሰፈር ለሰፈር አዞረው።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንዲት ቀጭን ሴት ወደ ፎቶ ቤታችን ገባች። ደፉን ተሻግራ ግድግዳ ይዛ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ቆመች። ለሆስፒታል ጉርድ ፎቶ ፈልጋ ነው። እህቴ በርጩማው ላይ አስቀመጠቻት፣ አገጯን ቀና አደረገችላት፣ ካሜራው ውስጥ አየቻትና ቀና አለች።

«የት ነው የማውቅሽ?»

«ፊቴ ላይ በቀይ የጻፉብኝ እኔ ነኝ» አለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ።

ለጠብ አልመጣችም፤ ቅርብ ያለው ፎቶ ቤት የእኛው ሆኖባት ነው። እህቴ ስትጠይቃት የሆነውን ነገረችን። ከማኅተሙ ወዲህ የሚልክ ጠፍቷል። ሆስፒታሉ ለቀዶ ጥገና ቀን ቆርጦላታል፤ ከዚያ በፊት የሚገጠምላት የልብ በር ክፍያ ካልገባ ተራዋ ለሌላ ይሰጣል፤ ሌላ ተራ እስኪደርስ ልቧ እንደማይጠብቃት ሐኪሙ አልደበቃትም።

እህቴ ፎቶ ማንሣቱን ትታ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፋች። ሁለቱንም ገጾች ከፍታ የተለጠፉበትን ቀን አየች፤ ባልየው የለጠፈው በብዙ ቀድሟል። ያንን ጥርት ያለ ፎቶ አጉልታ ስታይ ከአልጋው በላይ ያለው የክፍል ቁጥር ተገልብጧል። ሌቦቹ መፈለጊያው በቀላሉ እንዳይዛቸው ግራውን ቀኝ አድርገው፣ ደብዛዛውን በማሽን አጥርተውት ኖሯል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። እህቴ አለቀሰች፤ ሴትዮዋ አጽናናቻት። እኔ አፈርኩ።

«ተሳስቻለሁ፣ ሴትዮዋ እውነት ናት» ብላ ለጠፈች። ማን ሰምቷት! አንዱ የማኅተም ስልክ ተጠልፏል አለ። ሌላዋ ማኅተም ድርሻ ተቀብላለች አለች። ከሴትዮዋ ጋር ጎን ለጎን ተነሥታ ስትለጥፍ በኮምፒውተር የተሠራ ነው ተባለ። እንጨት ነጋዴው ራሷ እህቴ መኖሯን በቪዲዮ እንድታረጋግጥ ጠየቀ፤ ሱቁ ከሱቃችን ፊት ለፊት ነው።

እህቴ ፎቶ ቤቱን ዘጋች። የሆስፒታሉን ቁጥር ራሷ ፈልጋ ደወለች። ያለታማሚዋ ፈቃድ ምንም አንናገርም አሏት፤ ደግ አደረጉ። ሴትዮዋ ፈቃዷን ከሰጠች በኋላ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋ መኖሯንም ቀጠሮዋንም አረጋገጠችልን። የሚረዳት ሰው ካለም በካርድ ቁጥሯ እዚያው የሆስፒታሉ ገንዘብ ቤት ከፍሎ ደረሰኝ መቀበል ይችላል አለችን። እህቴ ከዚያ በር ለበር ዞረች፤ ያመነ ያላመነውን እየጎተተች በጠያቂ ሰዓት ሴትዮዋ ቀኗን ስትጠብቅ ወደተኛችበት ሆስፒታል አመጣችው።

መጡ። ስልካቸውን ከፊቷ አጠገብ ይዘው ያመሳክራሉ። አንዷ እጅሽን አንሺ አለቻት። ሌላው አልጋው ላይ ያለውን ካርድ ጎንበስ ብሎ አነበበ። ነርሷ ይህ ክፍል ኤግዚቢሽን አይደለም ብላ አስወጣቻቸው። ግን ሲወጡ በገንዘብ ቤቱ መስኮት በኩል ወጡ፣ እና የጎደለው ገንዘብ ተራዋ ሳያልፍ ሞላ።

ቀዶ ጥገናው ተደረገላት። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወደ መደበኛው ክፍል ስትመለስ ልንጠይቃት ሄድን። ፊቷ አብጧል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አለ። እንጨት ነጋዴው ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ስልኩን ከፍቶ እግርጌዋ ቆሟል።

«ይቺ አይደለችም» አለ። «ቀይረዋታል። ምኗም አይመስልም።»

ሴትዮዋ ዓይኗ ተከፍቶ ነበር፤ ሰምታዋለች። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ።

እህቴ እጇን ያዘችላት። «አውቃታለሁ» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

ይህን ጥያቄ ለሰፈሩ ያስተማረችው ራሷ ናት። ቱቦውን አየች፣ ያበጠውን ፊት አየች።

«በድያታለሁ» አለች። «ፊቷን የምረሳ ይመስልዎታል?»

 እንጨት ነጋዴው ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ ራስጌዋ ጠጋ ብሎ፣ ከእኛም ከሰፈሩም ማንም ያልጠየቃትን ጠየቃት።

«እንዴት ነሽ?» አላት።