በበጋ የተገዛ ጃንጥላ

የልጄን ባል የሰፈሩ ሰው «አማካሪው» ይለዋል። ለባለሱቁ ስለ ንግድ፣ ለሾፌሩ ስለ መንዳት፣ ለአዋላጇ ስለ ምጥ ይመክራል። እሱ ራሱ መርፌ እንኳ ሸጦ አያውቅም። የዕቁቡን መዋጮ በየሳምንቱ የምትጥለው የሰው ልብስ እያጠበች ልጄ ናት፤ የተመዘገበው ግን በእሱ ስም ነው። ወንድ ነኝ ይላላ!

ዕጣው በጠራራው በጋ ወጣለት። ደረቱን ነፍቶ ገባ።

«ደረሰኝ!» አለ፣ በብልሃቱ ያወጣው ይመስል።

ልጄ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እጇን ሳሙና በልቶታል። ክረምቱን እንኳ ከማጠቢያው ሳፋ ላይ ሳታጎነብስ ብታሳልፈው ምኞቷ ነው።

«ጃንጥላ እንግዛበትና በክረምቱ እንሽጠው» አለችው። «አከፋፋዩ ካምና የተረፈውን በግማሽ ዋጋ እየጣለ ነው፤ መጋዘኑን ለሌላ ዕቃ ፈልጎታል።»

«በዚህ ሐሩር? ሰው ምን ይለናል! ገበያ የሚገባው ገበያው ሲሞቅ ነው። ዝናቡ ይጀምርና እንገዛለን፤ እስከዚያ ገንዘቡ እኔ ጋ ይቀመጣል።»

እሱ ጋ! ያ ኪስ መቼ ገንዘብ አሳድሮ ያውቃል?

ደግነቱ የዕቁቡ ዳኛ ያለ ዋስ አይከፍልም። ዕጣ የደረሰው ሰው ቀሪውን መዋጮ ቢያቋርጥ የሚከፍልለት፣ ዕጣው ገና ያልወጣ አባል ያስፈልጋል። አማካሪው ሁሉንም ለመነ፤ ሁሉም በሳቅ ሸኙት። በመጨረሻ እኔ ጋ መጣ፤ እኔም ዕጣዬ ገና ያልወጣ አባል ነኝ።

«እማማ፣ ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ?»

«እፈርማለሁ። ግን ከዳኛው እጅ ተቀብለን በቀጥታ ወደ አከፋፋዩ ነው።»

«እኔን አያምኑም ወይስ ኪሴን?»

«ሁለታችሁንም።»

ፈረምኩ። ሦስታችን ሄድን። ልጄ ጃንጥላዎቹን አንድ በአንድ ከፈተች፤ ሽቦው የዛገውንና ጨርቁ የተቀደደውን መለሰች። አማካሪው ኮርኒስ ኮርኒሱን ያያል። ሲመለስም ሸክሙን ለእኛ ትቶ፣ የማያውቀን መስሎ በማዶ በኩል ሄደ።

ጃንጥላው አልጋ ሥር ተከማቸ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አልጋ ልብሱን ገልጦ ያሳያል። «ሚስቴና አማቴ ፀሐይን ሊያስፈራሩ ነው!» ይልና ብቻውን ይስቃል። ልጄ ማጠቧን ትቀጥላለች።

ዝናቡ መጣ። አከፋፋዩ በአንድ ሳምንት ዋጋውን እጥፍ አደረገ። በዚያ በእጥፉ ዋጋ ገዝተው የመጡት ነጋዴዎች አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ከልጄ ጎን ቆሙ፤ እሷ እያተረፈች በምትሸጥበት ዋጋ እነሱ ይከስራሉ። ገዢው እሷን ከበበ። የዕቁቡም መዋጮ ከጃንጥላው መጣል ጀመረ፣ ሳፋውም ተደፍቶ ግድግዳ ተደገፈ።

አንድ ቀን ዕቃዋን ይዤላት ማቆሚያው ደረስኩ። አማካሪው ከሁሉ ትልቁን ጃንጥላ ዘርግቶ፣ በዝናቡ መሃል ጠብ ሳይልበት ለባለሱቁ ያስተምራል።

«ንግድ ማለት ሰው ሳይነቃ መግዛት ነው። እኔ ያኔ በበጋው...»

«አንተ ሰው» አለችው ልጄ እጇን ዘርግታ፣ «ያቺን ጃንጥላ አምጣት፤ ገዢ መጥቷል።»

ሰጣት። ባለሱቁ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ የእኛው ሰው ግን ውሃ እንደገባች አይጥ በስብሶም፣ ከኋላው እየተከተለ መምከሩን አልተወም።