ክሩ የታሰረበት ቦታ

ስፖተር የሚባለውን የአናቶሚ ፈተና ወድቄ ነበር። ያኔ ጀጎል ውስጥ፣ ኤረር በር አጠገብ፣ አንድ ክፍል ተከራይቼ ሕክምና እማራለሁ። የቀረኝ ድጋሚ ፈተናው ብቻ ነው፤ እሱንም ከወደቅኩ መባረር ነው። አከራዬ ስፌት እየሰፉ የሚኖሩ፣ ልጆቻቸው ሁሉ ሩቅ አገር የሄዱባቸው ሴት ናቸው። ደጃፉ ላይ ሳለቅስ አገኙኝና ፈተናው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ።

አስረዳኋቸው። ጠረጴዛዎች ይደረደራሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ አጥንት ወይም ከአስከሬን የተወሰደ አካል አለ። አንዱ ቦታ ላይ ክር ይታሰርበታል። የታሰረበትን ስም፣ ግራ ይሁን ቀኝ ጽፎ፣ በየደቂቃው ደወል ሲደወል ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው። ወደ ኋላ መመለስ የለም።

«ታዲያ ይሄ ምን ያስለቅሳል? እዚሁ ቤት እንሠራዋለና» አሉ።

ከክፍል ጓደኞቼ የፕላስቲክ አጥንትና ፎቶ ለቃቅሜ አመጣሁ። መደቡ ላይ ሃያ ቦታ ደርድሬ አጥንቱ ላይ ክር አሰርኩ፣ ፎቶው ላይ ለጠፍኩ። እሳቸው ስፌታቸውን ይዘው፣ ስልካቸውን እያዩ፣ ደቂቃው ሲሞላ ብርጭቆውን በማንኪያ ኳ ያደርጉታል። ትንሽ ካንገራገርኩ «እለፊ» ነው፤ ምሕረት የሚባል ነገር አያውቁም። በሳምንቱ ሃያውንም እንደ ውሃ ጠጣኋቸው። ምን ልዋሽ፣ ኮራሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት ወረቀቴን ተቀብለው ከትናንቱ ጋር አስተያዩት። አናቶሚ ባያውቁም ማንበብ ያውቃሉ።

«አንድ ነው» አሉ።

«አዎ፣ እማማ፣ ሁሉንም መልሻለሁ።»

«ልጄ፣ ክሮቹን እኮ ጠዋት አዘዋውሬያቸዋለሁ። ወላሂ አንዱንም አላየሽውም። አንቺ ያጠናሽው የቤቴን መደብ ነው።»

ተናደድኩ። በራሴ ብቻ ነው እንዳልል፣ በሳቸውም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክሩን የሚያስሩት እሳቸው ሆኑ፤ አጥንቱን ይገለብጣሉ፣ ፎቶውን ይዘቀዝቃሉ፣ እኔ ስሳሳት ደግሞ ደስ ይላቸዋል።

ፈተናው ደረሰ። ሰባተኛው ጠረጴዛ ላይ አንድ ክንድ በፊቱ ተደፍቷል፤ ላብራቶሪ ውስጥ ሁሌ የማውቀው በጀርባው ተንጋሎ ነው። ክሩ ነርቭ ላይ ታስሯል። እጄ «ሚድያን ነርቭ» ብሎ መጻፍ ጀምሯል። ቆይ እስቲ አልኩና ጎንበስ ብዬ ነርቩን በዓይኔ ተከተልኩት። ከክርኑ ውስጠኛ የአጥንት ጉብታ ኋላ ነው የሚያልፈው፤ ሚድያን ቢሆን በፊት ለፊት ነበር። ሰርዤ «የግራ አልናር ነርቭ» ስል ደወሉ ተደወለ።

አለፍኩ። ለጥቂት ነው፣ ግን አለፍኩ። ሮጬ ቤት ስደርስ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። አጥንቶቹን ለባለቤቶቻቸው ልመልስ መሰብሰብ ስጀምር ስፌታቸውን አስቀምጠው ያዩኝ ጀመር።

«ሁሉንም ልትወስጂው ነው?»

«አዎ፣ እማማ፤ ፈተናው እኮ አለቀ።»

«ሌላው ፈተና መቼ ነው?»

ለዚያ ዓመት ስፖተር አልቆልን ነበር።

«በቅርብ ነው» አልኳቸውና አጥንቶቹን መልሼ መደቡ ላይ ደረደርኳቸው።