አውራን ከታች የሚያስቀር ወንፊት

ሲሳይነሽ በቡሬ እርሻ ጽሕፈት ቤት የጽሕፈት መኪና ትመታ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች። እንግሊዝኛም ታነባለች። ስለዚህ በ፲፱፻፸፮ ክረምት ዘመናዊ የንብ ቀፎ ሲመጣ፣ አብሮ የመጣውን መመሪያ ወደ አማርኛ የመመለሱ ሥራ ለእርሷ ተሰጠ።

ቀፎዎቹ ስድስት ነበሩ። የተሰጡትም ከከተማው ወጣ ብሎ ላለ አንድ የገበሬ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ለኅዳር ሚካኤል ማሩን ቀምሶ፣ ደስ ካላለው መልሶ ሊያስረክብ ተስማምቷል። ሲሳይነሽ የመመሪያውን ነገር ከራሷ ጋር አያይዛው ነበር። ቀፎው ከተመለሰ የእርሷ አማርኛ ተመለሰ ማለት ነው።

ቀላል አልነበረም። ፕሮፖሊስ የሚባለውን ነገር በአማርኛ በአንድ ቃል የሚጠራው የለም። ሦስት ቀን አሰበችና «ንቦች ስንጥቅ የሚደፍኑበት ሙጫ» ብላ ጻፈች። የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ይሄይስ አየውና ሳቀ።

«አንቺ ልጅ፣ ቃል ነው ወይስ ተረት? የማባዣ ስቴንስል እኮ የቀረን ሁለት ቅጠል ነው። አንዱን ቃል በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ቃል መልሽ።»

መለሰች። ሙጫው «የንብ ሙጫ» ሆነ፤ ይህስ አልከፋም። ኤክስክሉደር የሚባል፣ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ የሽቦ ወንፊት ግን ነበረ። እርሱን «አውራ ማገጃ» ብላ አለፈችው። ወረቀቱ በአንድ ገጽ አለቀ።

በጥቅምት መጀመሪያ፣ አደይ አበባው ሜዳውን ቢጫ ባለበሰበት ሰሞን፣ ቀፎውን ለማየት ሄደች። የተቀበሏት አቶ ቢሆነኝ ናቸው፤ ንብ በማርባት የታወቁ፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩ፣ ወረቀቷንም ለጎረቤቱ ሁሉ ያነበቡ ሰው።

«ጋሽ ቢሆነኝ፣ እንዴት ሰነበቱ? ንቦቹስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ንቦቹ ደኅና፤ ማሩ ግን ምን ልበልሽ።»

ቀፎው ሁለት ተደራራቢ ሣጥን ነው፤ ከፍተው አሳዩዋት። ማር ብቻ ሊሞላበት የሚገባው የላይኛው ሣጥን ግማሹ እጭ ነው። አውራዋ ንብ ከታች ወጥታ እንቁላሏን ጥላበታለች።

«ወንፊቱስ?»

«ይኸውልሽ!» አሉ በኩራት። ወንፊቱን ከቀፎው መግቢያ ላይ በሚስማር ቸክለውታል። «ማገጃ ብለሻል፤ እኔም ከበሩ ላይ አገድሁ። ዘበኛ ከጓዳ ይቆማል እንዴ?»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ስንዱ ከኋላ ሆነው፣ «ወረቀቱ ከየት አስቀምጡ እንዳላለ እኔ ነግሬዎት ነበር» አሉ።

«አልነገርሽኝም።»

«ነግሬዎታለሁ፤ አንቱ ግን ማንበብ ከቻሉ ወዲህ መስማት ትተዋል!»

ሲሳይነሽ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋ ተቋረጠ። ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለም። ቃሏ ምን እንደሚያግድ ተናገረ እንጂ ከየት፣ ለማን ክፍት እንደሆነ አልተናገረም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ጠየቀች።

«ጋሼ፣ ወንፊቱ ከሁለቱ ሣጥኖች መካከል ነው የሚገባ። ሠራተኛዋ ቀጭን ናት፣ ታልፋለች፤ አውራዋ ወፍራም ናት፣ አታልፍም። እርስዎ ይህን ለጎረቤትዎ በአንድ ትንፋሽ ቢነግሩት ምን ይላሉ?»

«ሠራተኛዋን አሳልፎ አውራዋን ከታች የሚያስቀር…»

«ረዘመ» አሉ ወይዘሮ ስንዱ። «አውራን ከታች የሚያስቀር ወንፊት። በቃ! ከታች ከቀረች ሌላዋ ማለፏ አይታወቅም?»

ያን ዕለት አውራዋን በጭስና በትዕግሥት ፈልገው ከታች መለሷት፤ ወንፊቱንም ከመካከል አደረጉት። እጩ ቢበዛ በሃያ አንድ ቀን ንብ ሆኖ ይወጣል፤ ቤቱ ባዶ ሲሆን ማር ይሞላበታል። በዚያው ንባብ የተሳሳቱትን የቀሩትን አምስት ቀፎዎችም እንዲሁ አስተካከሉ።

ጓድ ይሄይስ አዲሱን ወረቀት ሲያይ በጣቱ ቆጠረ። «አራት ቃል!»

«አዎ ጓድ። ሁለቱ ቃል ግን ስድስት ቀፎ አሳስቷል። ኤክስክሉደር የሚለውንም አንድ ጊዜ እንዳለ ጽፌዋለሁ፤ ዕቃው ሲመጣ ሣጥኑ ላይ የሚያዩት እርሱን ነው። ከዚያ ወዲያ ግን በአማርኛው ብቻ ነው የምጠራው።»

ኃላፊው ጥቂት አሰበና የመጨረሻዋን የስቴንስል ቅጠል ከመሳቢያው አወጣላት።

ለኅዳር ሚካኤል የገበሬ ማኅበሩ ከአቶ ቢሆነኝ ደጅ ተሰበሰበ። የላይኛው ሣጥን ተከፈተ። እጭ የሚባል የለበትም፤ ከዳር እስከ ዳር የታሸገ ነጭ የማር እንጀራ ነው። ሊቀ መንበሩ አቶ የሽዋስ በቢላዋ ቆርጠው ቀመሱ፤ ደግመው ቆረጡ።

«ኧረ ሊቀ መንበር፣ ውሳኔውን ይንገሩን!» አለ አንዱ።

«ቆይ፣ ገና እየመረመርሁ ነው» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ማሩም ለሁሉ ታደለ።

ቀፎው ይመለስ የሚል እጅ ያንሣ ተባለ፤ አንድም እጅ አልተነሣ። እዚሁ ይቅርልን የሚል ሲባል ግን ማር የተቀባ እጅ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ፤ ንቦቹም ጣት ጣቱን እየዞሩ ሰውን አተራመሱት። ሲሳይነሽ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ወይዘሮ ስንዱን እጃቸውን ይዛ፣ እየሳቀች ወደ ቤት ሮጠች።