ቀላል የተባሉት ካርዶች

መምህርቷ ለጎልማሳ ተማሪዎቿ በክፍሉ ታብሌት ላይ የቃላት ካርድ ስታዘጋጅ ሦስት ወር ፈጀባት። ቃላቱን በዘር በዘራቸው ሰብስባ፣ «ሠራ»፣ «ሥራ»፣ «ሠራተኛ» እያለች፣ ለእያንዳንዱ ቃል ባዶ ቦታ ያለው ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ጻፈችለት። ተማሪው መልሶ «ከባድ» የሚለውን ከተጫነ ካርዱ ቶሎ ተመልሶ ይጠየቃል፤ «ቀላል» የሚለውን ከተጫነ ግን ለሳምንታት አይመጣም።

አንድ ጠዋት ስትከፍተው የሚጠየቅ ካርድ የለም።

«አራት መቶ ውዝፍ ካርድ የት ገባ?»

«እኔ ነኝ የነካሁት» አለ በሩ ላይ የቆመው ርእሰ መምህሩ ፈገግ ብሎ። «ዛሬ እንግዶች ይመጣሉ፤ ያ የውዝፉን ብዛት የሚያሳይ ቀይ ቁጥር ያሳፍራል። ሁሉንም ‹ቀላል› ብዬ አጠራሁልሽ። ተማሪዎቹ ሁሉን ያውቃሉ እንላለን።»

ደሟ ፈላ። ተማሪዎቹ የሚሳሳቱበት ቃል ሁሉ ለሳምንታት ላይመለስ ነው።

«የተጫኑት እርስዎ ነዎት! እነሱ መቼ አወቁት?»

«አታካብጂ» ብሏት ሄደ።

ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠችና አዲስ ዘር ጨመረች፦ «ዋሸ»፣ «ውሸት»፣ «ውሸታም»። ተማሪዎቹንም አስጠናቻቸው። እንግዶቹ ከርእሰ መምህሩ ጋር ገብተው ሲቀመጡ አዲሱን ካርድ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አበራችው፦

«ተማሪ ያላወቀውን ‹ያውቃል› የሚል ሰው ____ ነው።»

«ውሸታም!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

መምህርቷ ርእሰ መምህሩን ዐይን ዐይኑን እያየች «ቀላል» የሚለውን ተጫነች።